አራሷ እንቅልፍ እምቢ ሲላት፦ የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ የመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት

አንዲት አራስ ሁለት ሌሊት ዓይኗን ሳትከድን አድራ፣ ጠዋት ላይ ድካም የሚባል ነገር ሳይታይባት «ቤቱን ካላጸዳሁ» ስትል፣ ቤተሰቡ ብዙ ጊዜ «በርትታለች» ብሎ ያልፈዋል። በማግስቱ ንግግሯ መያዣ መጨበጫ ያጣል። ያን ጊዜ «ለክፏት ነው» የሚልም፣ «ምች ነው» የሚልም፣ «የሰው ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። ሽማግሌ ሲጠየቅ፣ ዘመድ ሲጠራ፣ «እስኪ ትንሽ ትተኛና እንያት» ሲባል ሁለት ሦስት ቀን ያልፋል። በዚህ ሕመም ከፍተኛው አደጋ ያለው እነዚያ ቀናት ውስጥ ነው።

ሕመሙ የድኅረ ወሊድ ሳይኮሲስ ይባላል። ምልክቱ ከታየበት ሰዓት ጀምሮ እስከ 24 ሰዓት ድረስ ቤተሰቡ ምን ማድረግ አለበት፣ ጤና ጣቢያውስ ምን ያደርጋል የሚለውን እዚህ በዝርዝር እናያለን። በተለይ የምናስበው ከአዲስ አበባ ዳር ዳር፣ ከኮዬ ፈጨ፣ ከቱሉ ዲምቱ፣ ከለገጣፎ ወይም ከሰበታ በኩል የሚኖረውንና ሆስፒታል የሚርቀውን ሰው ነው።

ሕመሙ ምንድን ነው?

ሳይኮሲስ ማለት አእምሮ እውነት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ሲያቅተው ነው። ሰው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ይሰማል፤ የሌለ ነገር ያያል፤ ወይም ማንም ምንም ቢያስረዳው የማይለቀው የተሳሳተ እምነት ይይዘዋል። ከ1,000 ወላዶች መካከል በ1 ወይም በ2ቱ ላይ ይደርሳል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከወሊድ በኋላ ባሉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ላይ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ባለው ጊዜ ድንገት ይነሳል።

ከወሊድ በኋላ የሆርሞን መጠን በጥቂት ቀናት ውስጥ በጣም ይወርዳል፤ እንቅልፍ ይቆራረጣል። በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ያላት ሴት ላይ እነዚህ ሁለቱ ሲገናኙ ሕመሙን ይቀሰቅሱታል። ከዚህ በፊት ባይፖላር የሚባለው ሕመም የነበረባት (ስሜት አንድ ጊዜ ከልክ በላይ የሚፈነድቅበት፣ ሌላ ጊዜ የሚወድቅበት)፣ ወይም በቀድሞ ወሊድ እንዲህ የሆነች ሴት ከሌላው ይልቅ ተጋላጭ ናት። እናቷ ወይም እህቷ እንዲህ ሆነው ከነበረም እንዲሁ። ይሁን እንጂ ምንም ዓይነት የአእምሮ ሕመም ኖሯቸው የማያውቁ ብዙ ሴቶችም በመጀመሪያ ልጃቸው ላይ ይታመማሉ። ልጇን አለመውደዷ፣ ከባሏ መጣላቷ ወይም የሠራችው ኃጢአት አያመጣውም።

ከተለመደው የአራስነት ስሜትና ከድብርት በምን ይለያል?

በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ያለ ምክንያት ማልቀስ፣ ሆድ መባስ፣ መነጫነጭ በጣም የተለመደ ነው። እናቲቱ ግን ማን እንደሆነች፣ የት እንዳለች ታውቃለች፤ ሕፃኑን የሚይዝላት ሰው ካገኘች ትተኛለች፤ ስሜቱም በሁለት ሳምንት ውስጥ በራሱ ይለቃታል። ድብርት ደግሞ ቀስ ብሎ በሳምንታት ውስጥ ይከብዳል፤ ሐዘን፣ ተስፋ ማጣትና ድካም ይገንንበታል።

ሳይኮሲስ ሲሆን ሕፃኑን ሌላ ሰው ቢይዝላትም፣ ክፍሉ ቢጨልምም አትተኛም፤ መተኛትም ያስፈለጋት አይመስላትም። ንግግሯ ይፈጥናል ወይም ጭራሽ ይቆማል። ግራ የመጋባት ነገር ይታይባታል፤ ቀኑን ትስታለች፣ የጀመረችውን አትጨርስም፣ በር በሩን ታያለች። የተሳሳተው እምነት ብዙ ጊዜ በሕፃኑ ላይ ያተኩራል፦ «ልጄ ተቀይሯል»፣ «ይህ ልጅ የተለየ ተልእኮ አለው»፣ «ሊገድሉት ነው፣ እኔ ነኝ የማድነው»።

ቤተሰብን የሚያታልለው ደግሞ ምልክቱ የሚመጣና የሚሄድ መሆኑ ነው። ጠዋት እንደ ጤነኛ ታወራለች፣ ታጠባለች፣ ትስቃለች። ከሰዓት በኋላ ትለወጣለች። «አሁን እኮ ደህና ናት» ተብሎ መኪናው ከመንገድ የሚመለሰው በዚህች በተረጋጋችበት ሰዓት ነው። እነዚህ ደህና የሚመስሉ ሰዓታት የሕመሙ አንድ ክፍል ናቸው፤ መዳንን አያሳዩም።

ለምን «ነገ ትታይ» አይባልም?

ደም የሚፈሳትን አራስ ነገ ትታይ የሚል ቤተሰብ የለም፤ ይህም እንደዚያው የሚታይ ድንገተኛ ሕመም ነው። አብዛኞቹ ታማሚዎች ማንንም አይጎዱም። ነገር ግን በዚህ ሕመም ጊዜ ራስን የማጥፋትና ሕፃኑን የመጉዳት አደጋ ከሌላው ጊዜ ይልቅ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ማን ላይ እንደሚደርስ ደግሞ አይቶ መለየት አይቻልም። ሕፃኑን የምትጎዳ እናት ብዙ ጊዜ ከመጥፎ ነገር ያዳነችው ይመስላታል። ስለዚህ «በጣም ስለምትወደው አትነካውም» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ሌላው ምክንያት ከሰውነት የሚመጣ ነው። የማህፀን ኢንፌክሽን ወደ ደም ሲገባ፣ ከወሊድ በኋላ የደም ግፊት ሲጨምር፣ የአንጎል ደም ሥር በረጋ ደም ሲዘጋ፣ የደም ስኳር ሲወርድ ወይም የማጅራት ገትር ሲነሳ አራስ ልትቀባዥር ትችላለች። ሁሉም ላይ ላዩን ሳይኮሲስ ይመስላሉ፤ በጊዜ ካልታከሙ ይገድላሉ።

አንድ ቤት እንውሰድ፦ ኮዬ ፈጨ፣ አራተኛ ፎቅ

የመጀመሪያ ልጇን የወለደች የ26 ዓመት ሴት አለች እንበል። ከጤና ጣቢያ በማግስቱ ወጥታለች። ባሏ የግል ድርጅት ተቀጣሪ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ከደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ስለሆነ በ4ኛው ቀን ሥራ ገብቷል። ሕመሙ የሚጀምረው ልክ አባት ከቤት ሲወጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የምታየው አብዛኛውን ጊዜ አራስ ጠያቂዋ እናት ናት።

በ6ኛው ቀን ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ባል ሲገባ አማቱ በር ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ ሁለት ሌሊት አልተኛችም። ዛሬ ደግሞ ሕፃኑን እያየች ‹ይሄ የማን ልጅ ነው› አለችኝ» ይሉታል። ሚስቱ ተነስታ የበረንዳውን በር ከፍታለች።

*የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት።* ባል ሕፃኑን ለአማቱ ሰጥቶ ወደ ሌላ ክፍል ያስገባቸዋል። ከዚህ ደቂቃ ጀምሮ ሁለት ሕግ ይሠራል፤ እናቲቱ ብቻዋን አትሆንም፣ ሕፃኑና እሷም ብቻቸውን አይሆኑም። ሽንት ቤት ስትገባ እንኳ በሩ አይቆለፍም፤ አንድ ሰው ውጭ ይቆማል። የበረንዳው በር ተቆልፎ ቁልፉ ባል ኪስ ይገባል። የወጥ ቤት ቢላ፣ የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ ክብሪትና ቤት ውስጥ ያለው መድኃኒት ሁሉ ጎረቤት ቤት ይወሰዳል። ውሃ የሞላው በርሜል ይከደናል። አንድ የሚረሳ ነገር አለ፦ አራስን ይጠብቃል ተብሎ ከትራስ ስር የሚቀመጠው ቢላ ወይም መቀስ። እሱ ዛሬ መውጣት አለበት። አማት ቅር ካላቸው መስቀል ወይም የጸሎት መጽሐፍ በቦታው ያድርጉ።

ባል የሚናገረው በአጭሩና በቀስታ ነው። «ልጁ ያንቺ ነው፣ ምን ሆነሻል?» ብሎ መከራከር ፍርሃቷን ያባብሳል፤ «አዎ ተቀይሯል» ማለት ደግሞ የተሳሳተውን እምነት ያጠነክራል። «እኔ እንደዚያ አይታየኝም፣ አንቺ ግን በጣም እንደፈራሽ ይገባኛል። አጠገብሽ ነኝ፣ አብረን ሐኪም ጋ እንሄዳለን» ማለት ይበቃል። ከዚያ በግልጽ ይጠይቃታል፦ «ራስሽን ወይም ልጁን ስለመጉዳት የሚመጣብሽ ሐሳብ አለ? ይህን አድርጊ የሚልሽ ድምፅስ?» መጠየቅ ያልነበረውን ሐሳብ አይፈጥርም። መልሷ «የለም» ቢሆንም ጉዞው አይቀርም።

*ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት።* ወደ 907፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ወይም ወደ 939፣ የከተማው የእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት ይደወላል። አምቡላንስ የሚዘገይ ከሆነ ኮንትራት መኪና ይያዛል። ባጃጅ ጎኑ ክፍት ስለሆነ አይሆንም። እሷ በኋላ ወንበር መሃል ትቀመጣለች፤ ባል በአንድ ጎን፣ የምታምነው ሰው በሌላ ጎን፤ በሮቹ ከውስጥ እንዳይከፈቱ ይቆለፋሉ። ሕፃኑ በሌላ ሰው እቅፍ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ወይም በሌላ መኪና ይሄዳል። በእጇ መሣሪያ ይዛ ከሆነ ወይም ማንንም አላስጠጋም ካለች በር ላይ ግብ ግብ አይገጠምም፤ 991 ፖሊስ ይጠራል፣ ሲጠራም «አራስ ናት፣ ታማለች» ተብሎ ይነገራል።

የክትትል ካርዷ፣ ከጤና ጣቢያ ስትወጣ የተሰጣት ወረቀት፣ የምትወስደው መድኃኒት ከነማሸጊያው፣ የጤና መድህን ካርድ ካላትም እሱ ይያዛል። ባል መኪና ውስጥ ሆኖ ስልኩ ላይ ያየውን ከነሰዓቱ ይጽፋል፦ «ማክሰኞ ማታ አልተኛችም። ረቡዕ ማታ አልተኛችም። ሐሙስ ከሰዓት ‹የማን ልጅ ነው› አለች። 2 ሰዓት ላይ በረንዳ ከፈተች።» ይህ ጽሑፍ ሐኪሙ ፊት በተረጋጋችበት ሰዓት ከደረሰች ዋናው ማስረጃ ነው።

ካርድ ክፍል ሲደረስ ወረፋ አይያዝም። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይሁን፦ «ከወለደች 6 ቀኗ ነው፤ ሁለት ቀን አልተኛችም፣ ትቀባዥራለች፣ ለሕፃኑ እንሰጋለን።» «ትንሽ ተጨንቃለች» ብሎ የገባ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይነጋበታል።

መጀመሪያ የት ትሂድ?

ትኩሳት ካላት፣ ከባድ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ካላት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ አንገቷ ከደረቀ፣ ብዙ ደም ወይም መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ካለ፣ ወይም ከእንቅልፍ እምቢታ ይልቅ መፍዘዝና መደንዘዝ ከያዛት፣ መጀመሪያ የማዋለጃና የላቦራቶሪ አገልግሎት ወዳለው ጠቅላላ ሆስፒታል ትሂድ። ለኮዬ ፈጨና ለቱሉ ዲምቱ አካባቢ አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ይቀርባል። ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ከሌለ መርካቶ አጠገብ ያለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ። ለመለየት ከተቸገሩ በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያ ይግቡ፤ ዋናው ነገር ምርጫውን እስኪያውቁ ቤት አለመቆየት ነው።

ጤና ጣቢያው ምን ማድረግ አለበት?

አዋላጇ ነርስ ወይም የጤና መኮንኑ በመጀመሪያ የሚያዩት ሰውነቷን ነው፤ የሙቀት መጠን፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት፣ የደም ስኳር፣ የሽንት ምርመራ፣ የደም ማነስ። ወደ ቆላ አካባቢ ተጉዛ ከነበረ የወባ ምርመራ ይጨመራል። ሙቀቷ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ የኢንፌክሽን ሕክምና እዚያው ይጀመራል፤ ግፊቷ 140/90ና ከዚያ በላይ ሆኖ ራስ ምታት ወይም መቀባዠር ካለ ግፊቱ በልኩ ይታከማል። የሚጥል ነገር ከመጣ የማግኒዥየም ሰልፌት መርፌ ይሰጣል። ከደም ግፊት ጋር የሚመጣው ይህ የሚጥል ሕመም፣ ኤክላምፕሲያ፣ እርግዝና ሲያልቅ አብሮ አያልቅም፤ ከወለደች በኋላም ባሉት ሳምንታት ሊነሳ ይችላል።

ከዚያ ጸጥ ያለ ክፍል፣ አንድ የሚያናግራት ሰው፣ ውሃና ምግብ። መድኃኒት መጀመሪያ በአፍ ይሰጣል፤ ለምሳሌ ኦላንዛፒን ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም። እምቢ ካለችና አደጋው ካስጨነቀ ሃሎፔሪዶል ከ2.5 እስከ 5 ሚሊ ግራም በጡንቻ፣ አብሮም ፕሮሜታዚን 25 ሚሊ ግራም ይወጋል። መጠኑን የሚወስነው አይቶ የመረመራት ባለሙያ ነው፤ ቤተሰብ ከጎረቤት ያገኘውን ክኒን ቤት ውስጥ አይስጥ። ከመርፌው በኋላ አተነፋፈሷ፣ ግፊቷና ንቃቷ እየታየ ይቆያል።

የሚፈጠረው ስህተት «የመንፈስ ጭንቀት ነው» ተብሎ የድብርት ክኒን ብቻ ይዛ ወደ ቤት መላኳ ነው። ባይፖላር ሥር ያለው ሕመም ከሆነ የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሊያባብሰው ይችላል። ሌላው ስህተት ሪፈር ተጽፎ ታማሚዋ ከባሏ ጋር ብቻ በሌሊት መላኳ ነው። ሪፈሩ የሚቀበለው ሆስፒታል ተደውሎለት፣ የተሰጠው መድኃኒት ከነሰዓቱና ከነመጠኑ ተጽፎ፣ ከተቻለም ባለሙያ አብሮ ሄዶ መሆን አለበት።

ሆስፒታል ውስጥስ? ጡትስ ታጠባለች?

ሆስፒታል ትተኛለች፤ በዚህ ሕመም ሆስፒታል መተኛት የግድ ነው እንጂ አማራጭ አይደለም። ዋናዎቹ ሕክምናዎች ሳይኮሲስ የሚያክሙት እንደ ኦላንዛፒን፣ ሪስፔሪዶንና ሃሎፔሪዶል ያሉ መድኃኒቶች፣ እንቅልፍን ለጥቂት ቀናት የሚመልስ እንደ ዲያዚፓም ወይም ሎራዚፓም ያለ መድኃኒት፣ ከዚያም ስሜትን የሚያረጋጋው ሊቲየም ናቸው። በመድኃኒት ካልተሻላት ወይም አልበላም አልጠጣም ካለች በማደንዘዣ የሚሰጥ የኤሌክትሪክ ሕክምና ካለበት ቦታ በጣም ይረዳል። ቫልፕሮዬት የሚባለው መድኃኒት ግን ልጅ ለምትወልድ ሴት አይመረጥም፤ በሚቀጥለው ጽንስ ላይ ከባድ ጉዳት ያመጣል።

ጡት ማጥባት በኦላንዛፒን ወይም በሃሎፔሪዶል ብዙውን ጊዜ ይቻላል፤ ሕፃኑ ከልክ በላይ ያንቀላፋ እንደሆነና በደንብ ይጠባ እንደሆነ ይታያል። ሊቲየም ወደ ወተት ስለሚገባ ወይ ጥንቃቄ የተሞላ ክትትል ወይ ማቋረጥ ይጠይቃል። በጣም በታመመችባቸው ቀናት ግን ሕፃኑ ጡት የሚጠባው ሌላ ሰው ይዞት፣ እዚያው ቆሞ ሳለ ብቻ ነው። ብዙ ቦታ እናትና ሕፃን አብረው የሚተኙበት ክፍል ስለሌለ ቤተሰቡ የሕፃኑን ምግብ በዚያው ሌሊት ማሰብ አለበት። የታለበ ወተት በንጹሕ ስኒ፤ ከሌለ የሕፃናት ዱቄት ወተት በፈላ ውሃ በማሸጊያው መመሪያ ልክ። የላም ወተት፣ ስኳር ውሃ፣ አጥሚት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። እሷም መልሳ ለማጥባት ከፈለገችና ሐኪሙ ከፈቀደ በየሦስት ሰዓቱ ገደማ ወተቷ ይታለብ፤ ያለዚያ ጡቷ ያብጣል፣ ወተቱም ይቀንሳል።

አንድ ነገር ቤተሰብ አስቀድሞ ይወቅ። በሃሎፔሪዶል የመጀመሪያ ቀናት አንዳንድ ጊዜ አንገት ወደ ጎን ይጣመማል፣ ዓይን ወደ ላይ ይሰቀላል፣ መንጋጋ ይቆለፋል፣ ምላስ ይወጣል። ያላወቀ ዘመድ «ይኸው መንፈሱ ተቆጣ» ብሎ ታማሚዋን ከአልጋ አንስቶ ይዟት ይሄዳል። ይህ የጡንቻ መኮማተር ነው፤ ትራይሄክሲፌኒዲል ወይም ፕሮሜታዚን ሲሰጣት ብዙ ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይለቃታል። ነርስ ይጠራል፤ መድኃኒቱ በቤተሰብ ውሳኔ አይቋረጥም።

ጸበሉስ?

ጸበል የሚፈልግ ቤተሰብ ጸበሉን መተው የለበትም፤ ግን በቅደም ተከተል ይሁን። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ ከዚያ ጸበሉ በጠርሙስ ወደ ታማሚዋ ይምጣ፤ ንስሐ አባቷም መጥተው ይጸልዩላት። ጉዳት የሚያመጣው ጸበል ቦታ ተወስዳ መድኃኒት ሲቋረጥባት፣ ስትጾም፣ ስትታሰር ወይም ስትገረፍ ነው። አራስ በእግር ደም ሥር የሚረጋ ደም ከሌላው ሰው ይልቅ በቀላሉ ይይዛታል፤ በገመድ ታስራ፣ ውሃ ሳትጠጣ የዋለች አራስ ለዚህ ይበልጥ ትጋለጣለች። «አርባና ሰማንያ ሳይሞላት ከቤት አትወጣም» የሚል ክርክርም ይነሳል። ያ ሥርዓት ወደ ሐኪም መሄድን አይከለክልም፤ ቤተሰቡ ከጠረጠረ ለንስሐ አባት ስልክ ይደውል፣ መኪናው ግን አይቁም።

ለባልና ለቤተሰብ የሚነገረው ምክር

ባል በመጀመሪያው ሳምንት ከሚስቱ አፍ የሚሰማው ነገር ይጎዳዋል። «አንተ ነህ መርዝ የሰጠኸኝ» ልትለው ትችላለች። ይህ የሕመሙ ንግግር ነው፤ ከዳነች በኋላ አይጠየቅበትም፣ በጭቅጭቅም አይነሳባትም። እሱም ይተኛ። ከአማቱና ከእህቱ ጋር ሌሊቱን ለሁለት ከፍለው በተራ ይጠብቁ፤ ሁሉም አብሮ የነቃ ቤት በሦስተኛው ቀን ሁሉም አብሮ ይወድቃል፣ ያን ጊዜ ሕፃኑን የሚያይ ይጠፋል።

ጠያቂ ይቀንስ። ሃያ ሰው አልጋዋን ከቦ፣ ዕጣን ተጭሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ስለ እሷ እየተንሾካሾከ እያለ ግራ የገባት አራስ የምታየው «እኔን አንድ ነገር ሊያደርጉኝ ነው የተሰበሰቡት» የሚል ነው። ለጎረቤት «ከወሊድ ጋር የመጣ ሕመም አለባት፣ እየታከመች ነው» ማለት በቂ ነው። አጠገቧ ሰው ሲያወራ ስለ እሷ በሦስተኛ ሰው አያውራ፤ እሷን ራሷን ያናግራት።

ከሆስፒታል ስትወጣ በጣም የሚደጋገመው ስህተት «ድናለች» ብሎ መድኃኒት ማቋረጥ ነው። ከባዱ ሕመም ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 12 ሳምንት ይቆያል፤ ሙሉ በሙሉ ወደ ራሷ ለመመለስ ግን ከ6 እስከ 12 ወር ሊወስድ ይችላል። በመሃል ድብርት ሊከተል ይችላል፤ ያም ሕክምና አለው። መድኃኒቱ የሚቀነሰው ሐኪሙ ሲል ብቻ ነው። ሌሊት የሚነሳው ሌላ ሰው ይሁን፤ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እሷ ሳትቆራረጥ እንድትተኛ። እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት የምትወስድ እናት ከሕፃኑ ጋር በአንድ አልጋ አትተኛ። ብቻዋን ከሕፃኑ ጋር የምትሆንበት ጊዜም በሐኪሙ ምክር ቀስ በቀስ ይጀመር፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ክፍሉ ውስጥ እያለ፣ ከዚያ በር ላይ እያለ።

እሷም ጥያቄ አላት። «ምን አድርጌ ነበር?» ትላለች። በአንድ ጊዜ ሁሉን አይነግሯትም፤ የጠየቀችውን ያህል፣ እውነቱን፣ ሳያስፈሯት። ብዙዎቹን ከሕመሙ ይልቅ የሚያሳፍራቸው ሰው ያየባቸው ነገር ነው፤ ስለዚህ በሕመሙ ጊዜ በስልክ የተቀዳ ቪዲዮ ካለ ለሐኪም ከታየ በኋላ ይጥፋ፣ ለዘመድ አይላክ።

ሌላ ልጅ ብትፈልግስ?

አንድ ጊዜ የታመመች ሴት በሚቀጥለው ወሊድ የመታመም እድሏ ከሁለት አንድ ገደማ ነው። ይህ ማለት አትውለድ ማለት አይደለም፤ ሳታቅድ አትፀንስ ማለት ነው። ጡት ማጥባት ብቻውን ከእርግዝና በአስተማማኝ ስለማይከላከል የወሊድ መከላከያ ጉዳይ በ6ኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ ወይም ከዚያ በፊት ይነሳ። መፀነስ ስትፈልግ መጀመሪያ የአእምሮ ሐኪሟን ታማክራለች፤ መድኃኒቷን በራሷ አታቋርጥም።

ከ32ኛው ሳምንት በፊት አንድ ገጽ ዕቅድ ይጻፍና ቅጂው በክትትል ካርዷ ውስጥ፣ በባሏ እጅና በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ዘንድ ይቀመጥ። የሚጻፈው ይህ ነው፦ ባለፈው ጊዜ መጀመሪያ የታየው ምልክት (በዚህች ሴት ላይ፦ አለመተኛትና ቤት ማጽዳት)፤ የተሻላት በየትኛው መድኃኒትና በምን መጠን፤ ከወሊድ በኋላ በስንተኛው ሰዓት ምን መድኃኒት እንደሚጀመርላት፤ ሆስፒታል እንደምትወልድና በማግስቱ እንደማትወጣ፤ የመጀመሪያዎቹን 14 ሌሊቶች ሕፃኑን ማን እንደሚነሳለት በየስማቸው፤ አንድ ሌሊት ሙሉ ሳትተኛ ካደረች በማግስቱ ጠዋት ለማን እንደሚደወል፤ የባለ መኪናው ስልክ፤ ለመንገድ የተቀመጠው ገንዘብ የት እንዳለ። ባል ዓመታዊ ፈቃዱን ከወሊዱ ቀን ሳይሆን ከ4ኛው ቀን ጀምሮ እንዲሆን ከአሠሪው ጋር አስቀድሞ ይስማማ፤ በሕግ የተሰጡት 3 ቀናት ሲያልቁ ፈቃዱ ይቀጥላል፣ ከ3ኛው እስከ 10ኛው ቀን ቤት ውስጥ ይገኛል።